በተወሰነ የወረቀት መጠን ላይ የሚታተም ካርታ፦ መስፈርቱን፣ የሰሜን ቀስቱንና መፍቻውን ለመምረጥ

ስክሪን ላይ የሚታይ ካርታ እንዳስፈለገ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ካርታ ግን እንደታተመ ይቀራል። ተቀባዩ ማስመሪያ አስቀምጦ ርቀት ይለካበታል፣ ኮምፓስ ይዞ አቅጣጫ ይወስድበታል፤ ካርታው ላይ የተጻፈውን ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ አዘጋጁ ካርታውን ወደ ማተሚያው ከመላኩ በፊት ጥቂት ምርጫዎችን አስቦበት ማድረግ ይኖርበታል። ከዚህ በታች እነዚህን ምርጫዎች በአንድ ምሳሌ እየተከተልን እናነጻጽራለን።

ምሳሌው የመስክ ቡድን ይዞት የሚወጣ ካርታ ነው። ቦታው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 5.2 ኪሎ ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 3.2 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሚገኘው በ40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ35.2 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ነው። የምንሠራበት ፕሮግራም QGIS ነው፤ በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ሰውም የትዕዛዞቹ ስም ይለያይበት እንጂ ስሌቱ ያው ነው።

ገጹን መሙላት ወይስ መስፈርቱን አስቀድሞ መወሰን

የመጀመሪያው ምርጫ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ቦታው በተሰጠው ፍሬም ውስጥ እስኪሞላ ድረስ አስፍቶ የመጣውን መስፈርት፣ በተለምዶ ስኬል የምንለውን፣ መቀበል ነው። ሁለተኛው፣ እንደ 1:20,000 ያለ ድፍን መስፈርት አስቀድሞ መርጦ ቦታው በወረቀቱ ላይ ይበቃ እንደሆነ ማስላት ነው።

ኤ4 ወረቀት በአግድም ሲዘረጋ 297 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቹ የቢሮ ማተሚያዎች እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ማተም ስለማይችሉ በየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር ህዳግ እንተዋለን፤ 277 በ190 ይቀረናል። ከግርጌ የምልክቶቹን ትርጉም ለሚሰጠው መፍቻ፣ ርቀትን በተሳለ መስመር ለሚያሳየው የመስመር መስፈርትና ለሰሜን ቀስቱ 25 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ከያዝን ለካርታው ፍሬም 277 በ165 ይተርፋል። አሁን ስሌቱ ቀላል ነው፤ 5,200 ሜትርን ለ0.277 ስናካፍል 18,773 ገደማ፣ 3,200 ሜትርን ለ0.165 ስናካፍል ደግሞ 19,394 ገደማ እናገኛለን። ከሁለቱ ትልቁ ቁጥር ገዢ ነው፤ ስለዚህ ገጹን ብንሞላ የምናገኘው መስፈርት 1:19,394 ይሆናል።

ይህ ቁጥር ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ለማንም አይመችም። በካርታው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 19.394 ሜትር መሆኑን ይዞ በመስክ ላይ ማስላት የሚፈልግ ሰው አይኖርም። 1:20,000ን ብንመርጥ ቦታው 260 በ160 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ ከላይና ከታች ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ከግራና ከቀኝ ስምንት ሚሊ ሜትር ተኩል ትርፍ ብቻ ይኖራል። በዚህች ጥቂት ትርፍ ለውጠን የምናገኘው አንድ ሚሊ ሜትር 20 ሜትር፣ አምስት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር የሆነበትን ካርታ ነው። ስለዚህ ርቀት የሚለካበት ካርታ ከሆነ መስፈርቱን አስቀድሞ መወሰን ይሻላል እላለሁ። ገጹን መሙላት የሚገባው ካርታው በሪፖርት ውስጥ ለማሳያነት ብቻ ሲገባ ወይም ቦታው ከድፍኑ መስፈርት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲያልፍና የሚቀጥለው ድፍን መስፈርት ካርታውን ከልክ በላይ ሲያሳንሰው ነው።

በ QGIS የካርታውን ፍሬም ከመረጥን በኋላ በ `Item Properties` ሥር ያለው `Scale` የሚለው ሳጥን ውስጥ 20000 ብለን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ የፍሬሙን መጠን ብንቀይር ወይም ከዋናው መስኮት ጋር የሚያመሳስለውን ቁልፍ ብንጫን ቁጥሩ ሳናስተውል ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሥራው ሲያልቅ ይህን ሳጥን ደግሞ ማየት ልማድ ሊሆን ይገባል።

ኤ4 ወይስ ኤ3

ኤ3 በስፋት የኤ4 እጥፍ ነው፤ ብዙዎች ዝርዝሩም እጥፍ የሚሆን ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጎኖቹ የሚያድጉት በ1.41 ብቻ ነው፤ ድፍን መስፈርት ስንፈልግ ደግሞ ትርፉ ከዚያም ያንሳል። ቦታችንን በ420 በ297 ወረቀት ላይ በተመሳሳይ ህዳግና ግርጌ ብናስቀምጠው ፍሬሙ 400 በ252 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ገጹን የሚሞላው መስፈርት 1:13,000 ነው። 1:12,500 ጥሩ ድፍን ቁጥር ነበር፤ ሆኖም 416 ሚሊ ሜትር ወርድ ስለሚፈልግ አይበቃም። የሚቀረው 1:15,000 ነው፤ ቦታው በዚህ መስፈርት 347 በ213 ሚሊ ሜትር ይይዛል።

ከ1:20,000 ወደ 1:15,000 መሄድ በርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል ማደግ ነው። መንገዶችና ቤቶች የተጠጋጉበት፣ ጽሑፎቹ እየተደራረቡ ያስቸገሩ ካርታ ከሆነ ይህ ዕድገት ዋጋ አለው። መፍቻው ረጅም ከሆነም ኤ3 ይረዳል፤ በ1:15,000 ከካርታው ጎን 50 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚተርፍ መፍቻውን ቁልቁል መደርደር ይቻላል። በሌላ በኩል አንድ ሚሊ ሜትር 15 ሜትር መሆኑ በጭንቅላት ለማስላት ያን ያህል አይመችም፤ ወረቀቱም በመስክ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ኤ3 ማተሚያ የሌለው ተቀባይ ደግሞ ፋይሉን በኤ4 አሳንሶ ያትመዋል። ያን ጊዜ 1:15,000 ተብሎ የተጻፈው ካርታ በተግባር 1:21,200 ገደማ ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን አሁንም 1:15,000 ይላል። ፋይሉ በብዙ ሰዎች እጅ የሚዞር ከሆነ እኔ ኤ4ን እመርጣለሁ፤ አንድ ቦታ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ከሆነ ግን ኤ3ን።

ዌብ መርኬተር ወይስ ዩቲኤም

እስካሁን ያሰላነው ሁሉ የሚሠራው ፕሮጀክሽኑ፣ ማለትም ክቧን ምድር ወደ ጠፍጣፋ ካርታ የምናወርድበት ስሌት፣ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከኢንተርኔት የሚመጣ መነሻ ካርታ በመክፈት ነው፤ QGIS ደግሞ ባዶ ፕሮጀክት ላይ የመጀመሪያውን ሌየር ስንጨምር አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ሌየር ፕሮጀክሽን ይወስዳል። እነዚህ መነሻ ካርታዎች የሚሠሩት በ `EPSG:3857`፣ ማለትም በዌብ መርኬተር ስለሆነ፣ አዘጋጁ ሳይመርጠው ምርጫው ተደርጎለታል።

ዌብ መርኬተር ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ሁሉንም ነገር ያሰፋል። በ40 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ርዝመት 1.3 እጥፍ ገደማ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በእኛ ምሳሌ `Scale` ውስጥ 20000 ብንጽፍ ካርታው በመሬት ላይ ካለው እውነት አንጻር 1:15,300 ገደማ ይሆናል። ምልክቱ ወዲያው ይታያል፤ 260 ሚሊ ሜትር ሊይዝ የሚገባው ቦታ 339 ሚሊ ሜትር ስለሚፈልግ ፍሬሙን አልፎ ይወጣል፣ አዘጋጁም «በ1:20,000 አይበቃም» ብሎ መስፈርቱን ያሳንሳል። እንዲህ ሲያደርግ ስሕተቱን አላረመም፤ ደበቀው እንጂ።

ሁለተኛው ምልክት ይበልጥ ረቂቅ ነው። የ QGIS የመስመር መስፈርት ርዝመቱን የሚያሰላው በፕሮጀክቱ ላይ በተመረጠው ኤሊፕሶይድ፣ ማለትም የምድርን ቅርጽ በሚወክለው ሞዴል ነው፤ ስለዚህ መስመሩ በመሬት ላይ ያለውን ርቀት ያሳያል፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን የፕሮጀክሽኑን። በ1:20,000 የሁለት ኪሎ ሜትር መስመር 100 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው በዌብ መርኬተር 130 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ካርታ ላይ መስመሩና ቁጥሩ ካልተስማሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮጀክሽኑ ነው። አንዳንዶች ይህን አለመስማማት ለማጥፋት በ `Project Properties` ውስጥ ኤሊፕሶይዱን ወደ `None` ይለውጡታል፤ ያን ጊዜ መስመሩና ቁጥሩ ይስማማሉ፣ ነገር ግን ሁለቱም በአንድነት ይሳሳታሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ነው፤ ስሕተቱን የሚያጋልጥ ምስክር አይቀርምና።

ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ቦታ ትክክለኛው ምርጫ ምድርን ባለ 6 ዲግሪ ዞኖች ከፍሎ ለየዞኑ የራሱን ፕሮጀክሽን የሚሰጠው ዩቲኤም ነው። ዞኑን ለማግኘት በኬንትሮሱ ላይ 180 ደምረን ለ6 እናካፍላለን፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ትተን 1 እንጨምራለን፤ 35.2 ሲደመር 180፣ ለ6 ሲካፈል 35.87 ስለሆነ ዞኑ 36 ነው። ለሰሜን ንፍቀ ክበብ ኮዱ `EPSG:32636` ነው፤ ለደቡብ ቢሆን `EPSG:32736` ይሆን ነበር። ዩቲኤምም ከመዛባት ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ በዞኑ መካከል ርቀትን በ0.04 በመቶ ያሳንሳል፣ በዞኑ ጠርዝ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ በ0.1 በመቶ ገደማ ያሳድጋል። ይህ ግን በ100 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ ቢበዛ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከእርሳስ ጫፍ ውፍረት ያነሰ ነው።

መነሻ ካርታውን መተው የማይፈልግ ሰው ፕሮጀክቱን በሙሉ መለወጥ አይጠበቅበትም። በካርታው ፍሬም `Item Properties` ውስጥ ያለውን `CRS` ብቻ ወደ `EPSG:32636` ቢለውጥ ይበቃዋል። አገርን ወይም አህጉርን የሚሸፍን ካርታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ላይ መስፈርቱ ራሱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ብቸኛ የመስመር መስፈርት ማስቀመጥ አንባቢውን ያሳስታል።

የመስመር መስፈርት ወይስ የአሃዝ መስፈርት

ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ካርታ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን ግን እኔ ያለማመንታት የመስመሩን እመርጣለሁ። ምክንያቱም መስመሩ ከካርታው ጋር አብሮ ያንሳል፣ አብሮ ያድጋል፤ አሃዙ ግን ወረቀቱ ምንም ቢሆን ያንኑ ይላል።

አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ በ1:20,000 የተዘጋጀ ካርታ ይዞ መጣ። በሁለት ነጥቦች መካከል 85 ሚሊ ሜትር ለክቶ 1,700 ሜትር ብሎ መዝግቧል፤ በጂፒኤስ የተገኘው ርቀት ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ነበር። ጂፒኤሱን ለመጠራጠር ሲቃረብ ማስመሪያውን ከግርጌ ባለው የሁለት ኪሎ ሜትር መስመር ላይ አስቀመጥነው። 100 መሆን ሲገባው 94 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ካርታው ሲታተም የማተሚያው መስኮት «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን በራሱ መርጦ ስለነበር ሁሉም ነገር በስድስት በመቶ አንሷል፤ መስፈርቱም በእውነት 1:21,300 ገደማ ሆኗል። መስመሩ ባይኖር ኖሮ ስሕተቱን የሚያሳየን ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የመስመሩን ርዝመት ስወስን ሁልጊዜ በወረቀት ላይ ድፍን ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አደርጋለሁ። በ1:20,000 እያንዳንዳቸው 500 ሜትር የሆኑ አራት ክፍሎች በድምሩ 100 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። በ QGIS ይህ የሚደረገው በመስመር መስፈርቱ ላይ `Fixed width` የሚለውን መርጦ 500 በመጻፍ፣ በግራ በኩል ያሉትን ክፍሎች 0፣ በቀኝ ያሉትን 4 በማድረግ ነው። `Fit segment width` የሚለው ሌላው አማራጭ መስመሩ ለገጹ ውበት እንዲመች ራሱ ክፍሎቹን ይመርጣል፤ ሆኖም ርዝመቱ ድፍን ስለማይሆን በማስመሪያ ለማረጋገጥ አይመችም።

አሃዙን ለመጨመር የሚፈልግ ሰው በእጁ ባይጽፈው ይመረጣል። የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ የሚከተለውን ቢያስገባ ቁጥሩ የፍሬሙን መስፈርት እየተከተለ ይለወጣል፤ `Map 1` የፍሬሙ መለያ ስም ነው።

```
1:[% format_number(map_get(item_variables('Map 1'), 'map_scale'), 0) %]
```

ከአሃዙ አጠገብ የወረቀቱን መጠን አብሮ መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ «1:20,000 በኤ4» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የያዘው ወረቀት ኤ4 ካልሆነ ቁጥሩን እንደማያምነው ያውቃል።

የትኛው ሰሜን?

የሰሜን ቀስት እንደ ማስጌጫ ስለሚቆጠር ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይለጠፋል፤ ነገር ግን ሦስት ሰሜኖች አሉ። አንዱ የካርታው ቋሚ መስመሮች የሚያመለክቱት የፍርግርግ ሰሜን ነው። ሁለተኛው ወደ ምድር ዋልታ የሚያመራው እውነተኛ ሰሜን ነው። ሦስተኛው የኮምፓስ መርፌ የሚያሳየው መግነጢሳዊ ሰሜን ነው።

በዩቲኤም ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ የሚገጥሙት በዞኑ መካከለኛ መስመር ላይ ብቻ ነው። የዞን 36 መካከለኛ መስመር 33 ዲግሪ ነው፤ የእኛ ቦታ ከእሱ 2.2 ዲግሪ በስተምሥራቅ ስላለ፣ 2.2ን በ40 ዲግሪ ሳይን ስናባዛ 1.4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት እናገኛለን። እውነተኛው ሰሜን በወረቀቱ ላይ ከቀጥታው ወደ ግራ በዚህን ያህል ያዘነብላል። ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም 3.2 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው 79 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይስታል፣ ይህም በወረቀቱ ላይ አራት ሚሊ ሜትር ነው።

QGIS ቀስቱን ከካርታው ፍሬም ጋር ለማያያዝ `Sync with map` የሚል ምርጫ አለው፤ በዚያው `Grid north` ወይም `True north` መምረጥ ይቻላል። ካርታው ላይ የዩቲኤም ፍርግርግ ከተሳለ `Grid north` ትክክል ነው፤ አንባቢው ቀስቱን የሚያስተያየው ከእነዚያ መስመሮች ጋር ነውና። ፍርግርግ ከሌለና አንባቢው አቅጣጫን በጥሬው የሚፈልግ ከሆነ `True north` ይሻላል። ከሁሉ የሚከፋው ሳይያያዝ እንዲሁ የተለጠፈ ቀስት ነው፤ ረጅምና ሰያፍ የሆነን ቦታ ወረቀቱ ላይ ለማስገባት ካርታውን በ30 ዲግሪ ብናዞረው እንዲህ ያለው ቀስት አሁንም ወደ ላይ ያሳያል። ኮምፓስ ለሚይዝ አንባቢ ደግሞ የመግነጢሳዊ ሰሜንን ልዩነት ከነዓመተ ምሕረቱ በጽሑፍ መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህ ልዩነት በየዓመቱ ስለሚለወጥ ዓመቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ከጊዜ በኋላ አይረባም።

መፍቻው፦ በራሱ እንዲታደስ ወይስ በእጅ

መፍቻው ወይም ሌጀንዱ ሲጨመር `Auto update` እንደበራ ስለሚመጣ በፕሮጀክቱ ያለው ሌየር ሁሉ፣ መነሻ ካርታው ጭምር፣ በፋይል ስሙ ይዘረዘራል። ካርታው ገና በሥራ ላይ ሳለ ይህ ጥሩ ነው። ለሕትመት ሲዘጋጅ ግን ማጥፋት፣ የማያስፈልገውን ማውጣትና `roads_final_2` የሚለውን «መንገድ» ብሎ መሰየም ይገባል። `Only show items inside linked maps` የሚለው ምርጫ በፍሬሙ ውስጥ የማይታዩ ምልክቶችን ስለሚያስቀር፣ ባለን 25 ሚሊ ሜትር ከፍታ ውስጥ መፍቻውን በሦስት ዓምድ ለማስገባት ይረዳል። በእጅ መሥራት አንድ ጉዳት አለው፤ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ሌየር በራሱ ወደ መፍቻው አይገባም። ስለዚህ መፍቻው በእጅ ሲስተካከል የካርታው ፍሬም ላይም `Lock layers` ማብራት ያሻል፤ አለበለዚያ በዋናው መስኮት አንድ ሌየር የከፈተ ሰው መፍቻው የማያውቀውን ምልክት ወደ ወረቀቱ ያስገባል።

ፒዲኤፍ ወይስ ምስል

ፒዲኤፍ የገጹን መጠን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ በትክክለኛ መጠን የሚታተም ካርታ ከዚህ ውጭ ባይላክ ይመረጣል። ኤ4 በ300 ዲፒአይ ወደ ምስል ሲወጣ 3508 በ2480 ፒክስል ነው፤ ምስሉ ወደ ሰነድ ሲገባ ግን በሰነዱ ዓምድ ልክ ይጨመቃል፣ የአሃዙ መስፈርትም በዚያው ይሐሰታል። ምስል መላክ ግድ ከሆነ አሃዙን አጥፍቶ መስመሩን ብቻ መተው ይገባል።

ፒዲኤፉ ሲታተም በማተሚያው መስኮት ላይ `Actual size` ወይም 100% መመረጡን ካዩ በኋላ መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ ማተም ይበቃል። መስመሩ 100 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተገኘ ቀሪዎቹን ማተም ይቻላል። 94 ወይም 96 ከሆነ የሚታረመው የማተሚያው ምርጫ ነው። 130 ገደማ ከሆነ ግን ጥፋቱ ማተሚያው ላይ አይደለም፤ ወደ ፍሬሙ `CRS` መመለስ ያስፈልጋል።